ክትፎውን ከሜኑ ላውጣው ወይስ ዋጋ ልጨምርበት?

ገርጂ_ጓዳ
ሰላም ለሁላችሁ። ከእናቴ ጋር ገርጂ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንሠራለን፣ እሁድ ዝግ ነን። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ብቻ ነው የምናወጣው። ሁለት ዓመት ሠርተናል። ደንበኛ አለ፣ ቤቱ ይሞላል፣ ግን ወሩ ሲያልቅ ኪራይና ደመወዝ ከፍለን እጃችን ላይ የሚቀር ነገር የለም።

አንድ ሂሳብ የሚያውቅ ዘመዴ ቁጭ ብሎ አየልኝ። «ፉድ ኮስቱ፣ ማለት ወጪው ለዋጋው ሲካፈል፣ ከ35 በመቶ ያለፈ ምግብ ከሜኑ ይውጣ፤ ካልሆነ ዋጋው ይጨመር» አለኝ። እኔም ያለፉትን አራት ሳምንታት ቆጠርኩ። ዋና ዋናዎቹ አምስት ናቸው፦

ተጋቢኖ ሽሮ፦ ዋጋ 230፣ ወጪ 60፣ የተሸጠ 620 ሳህን
በያይነቱ፦ ዋጋ 276፣ ወጪ 84፣ የተሸጠ 540
ቦዘና ሽሮ፦ ዋጋ 345፣ ወጪ 114፣ የተሸጠ 160
ጥብስ፦ ዋጋ 575፣ ወጪ 225፣ የተሸጠ 420
ክትፎ፦ ዋጋ 690፣ ወጪ 255፣ የተሸጠ 200

በኔ ስሌት ሽሮው 26 በመቶ ነው፣ ክትፎው 37፣ ጥብሱ 39። ሁለቱ የሥጋ ምግቦች ከ35 አልፈዋል። ጥብስ ብዙ ስለሚሸጥ እሱን አልነካም። ክትፎው ግን ብዙም አይሸጥም፣ ወጪውም ከባድ ነው። ላውጣው? ወይስ ዋጋ ልጨምር? እናቴ «ክትፎ የሌለው ቤት ምን ቤት ነው» ብላ ተቆጥታለች። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ኪያር_ኤክሴል
ዘመድሽ ልክ ነው እህቴ። ቀላሉ ዘዴ የወጪውን ሦስት እጥፍ ማስከፈል ነው። እንደዚያ ካደረግሽ ወጪሽ 33 በመቶ ላይ ይቆማል። ክትፎ 255 ካወጣ 765 ይሸጥ። ሰው በ765 ካልገዛው ይውጣ። ሽሮው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፣ 26 በመቶ ነው። ሽሮ ላይ አተኩሪ።

ኮስት_ኮንትሮለር
እህቴ፣ ከመወሰንሽ በፊት ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። ሆቴል ቤት ለብዙ ዓመታት በኮስት ኮንትሮል ሠርቻለሁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ምግቡ ሳይሆን ቁጥሩ የመጣበት መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትን ይጨምራል? ሁለተኛ፣ የክትፎውን 255 እንዴት አገኘሽው? ሥጋው ከሉካንዳ ሲመጣ ነው የመዘንሽው ወይስ ተጠርጎ ሊከተፍ ሲል? ሦስተኛ፣ ያ 200 ሳህን ክትፎ በስንት ቀን ነው የተሸጠው?

ገርጂ_ጓዳ
አመሰግናለሁ። አዎ፣ ዋጋው ቫትን ይጨምራል። ክትፎው ላይ 200 ግራም ሥጋ እናደርጋለን። ሥጋውን በኪሎ 1000 ብር ስለምንገዛ 200 ብር ብዬ ያዝኩት። ቅቤ 20 ግራም፣ ኪሎው 1200 ስለሆነ 24 ብር። ሚጥሚጣና ኮረሪማ 6 ብር። እንጀራ 25። ድምሩ 255።

የቀኑን አልለየሁትም። አራቱን ሳምንት አንድ ላይ ነው የደመርኩት።

ኮስት_ኮንትሮለር
እሺ። እንግዲህ ከቫት እንጀምር። 690 ብር ስትቀበዪ 90ው ያንቺ አይደለም፣ የመንግሥት ነው። ዋጋውን ለ1.15 አካፍይው። የክትፎሽ ዋጋ 600 ነው። ሽሮው 200፣ በያይነቱ 240፣ ቦዘናው 300፣ ጥብሱ 500። ወጪሽን ማወዳደር ያለብሽ ከእነዚህ ጋር ነው። ይህን ስህተት ትልልቅ ቤት ውስጥም አይቻለሁ። አንድ ባለቤት ለዓመት ያህል «ወጪዬ 30 በመቶ ነው» እያለ ሲኖር በእውነት 34 እና 35 ነበር።

ቀጥሎ ሥጋው። ለክትፎ ቀይ ሥጋ ብቻ ነው የሚሆነው። ጅማቱ፣ ሞራው፣ ሽፋኑ ይወጣል። ነገ ጠዋት አምስት ኪሎ ሲመጣ ሚዛን ላይ አድርጊው። ተጠርጎ ሲያልቅ እንደገና መዝኚው። ስንት እንደቀረ ንገሪኝ። ቅቤውንም እንዲሁ። ገበያ የገዛሽው ኪሎ ለጋ ቅቤ ተነጥሮ ሲያልቅ ኪሎ አይደለም። ውኃው ይተናል፣ ዝቃጩ ከታች ይቀራል።

ሌላው፣ ክትፎሽ ያለ አይብና ያለ ጎመን ነው የሚወጣው? ወጪው ላይ አላየኋቸውም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ
እኛ እዚህ ሜሪላንድ ምግብ ቤት አለን። ታክስ እዚህ ከዋጋው በላይ ደረሰኝ ላይ ነው የሚጨመረው፣ 6 በመቶ። ሜኑ ላይ ያለው የራሳችን ዋጋ ነው። ስለዚህ ዋጋሽን ከታክስ በፊት ጻፊውና ታክሱን ለብቻ ጨምሪ፣ ይገላግልሻል።

ለእኛ ትልቁ ወጪ ምግብ ሳይሆን ሠራተኛ ነው። ሽሮ እንኳ ቢረክስ የሚያማስለው ሰው በሰዓት ይከፈለዋል። ስለዚህ ክትፎ ለኛ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል። ክትፎውን አታውጪው።

ኮስት_ኮንትሮለር
ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእሷ ጥያቄ ታክሱ የት ይጻፍ የሚል አይደለም። ለብቻው ብትጽፈውም ባትጽፈውም ከኪሷ የሚወጣው ያው ነው። እዚህ ሰፈር ደግሞ ሰው ሜኑ ላይ ያየውን ነው መክፈል የሚፈልገው። ስለ ሠራተኛው ያልከው ግን ትክክል ነው። እዚህም ደመወዝ እያደገ ነው። የሽሮ ርካሽነት የሚታየው ሸቀጡን ብቻ ስንቆጥር ነው።

ገርጂ_ጓዳ
መዘንኩ። ደንግጫለሁ።

አምስት ኪሎው ተጠርጎ አራት ኪሎ ሆነ። ጅማትና ሞራው አንድ ኪሎ ሞላ። ማለት ቀዩ ሥጋ ኪሎው 1250 ብር ነው የወጣብኝ። 200 ግራሙ 250 ብር ነው፣ 200 አይደለም።

አንድ ኪሎ ቅቤ ተነጥሮ 750 ግራም ወጣ። ኪሎው 1600 ሆነ። ስለዚህ 20 ግራሙ 32 ብር። አይብ 20፣ ጎመን 12፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማ 6፣ እንጀራ 25። ሲደመር 345 ብር።

345 ለ600 ሲካፈል 57 በመቶ ተኩል ነው! ጥብሱ ከነአጥንቱ ስለሚሠራ ብዙም አልተለወጠም፣ 225 ለ500፣ 45 በመቶ። ሽሮው 30፣ በያይነቱ 35፣ ቦዘናው 38። አሁን እናቴን ምን እላታለሁ?

ኪያር_ኤክሴል
ይኸው! 57 በመቶ። ምንም ጥያቄ የለውም፣ ይውጣ። 35 በመቶ ላይ ለማቆም 345ን ለ0.35 ስታካፍዪ 986 ይመጣል። ቫት ሲጨመር 1130 ብር አካባቢ ነው። ገርጂ ውስጥ በዚህ ዋጋ ማን ይገዛሻል?

የቀድሞ_አስተናጋጅ
አትቸኩሉ። አስተናጋጅ ሆኜ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ክትፎ የሚበላ ሰው ብቻውን አይመጣም። ሦስት አራት ሆነው ነው። አንዱ ክትፎ፣ አንዱ ጥብስ፣ ከዚያ ቢራ፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ ቡና። ክትፎ ከሌለ አራቱም ሌላ ቤት ይሄዳሉ። ሽሮ የሚበላው ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፣ ውኃ አዝዞ ይወጣል።

ግን የሌላውን ጎንም ልናገር። ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮ የሚበላው በ25 ደቂቃ ጨርሶ ይሄዳል። ክትፎ ያዘዙት አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጣሉ። ወንበር ሞልቶ ሰው በር ላይ ሲቆም ሽሮው ነው የሚያዋጣሽ። ማታ ወንበር ባዶ ሲሆን ክትፎው።

ኮስት_ኮንትሮለር
የቀድሞ አስተናጋጅ የተናገረው ከሁላችንም ስሌት የሚቀድም ነው። እስቲ ልያዘውና ወደ ቁጥሩ ልግባ።

እህቴ፣ ባንክ ፐርሰንት አይቀበልም። ኪራይ የሚከፈለው በብር ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሳህን በብር ስንት እንደሚተርፍሽ እይ። ሽሮ 200 ሲቀነስ 60፣ 140 ብር። በያይነቱ 156። ቦዘና 186። ጥብስ 275። ክትፎ 600 ሲቀነስ 345፣ 255 ብር። «መጥፎ» የተባለው ክትፎ «ምርጥ» ከተባለው ሽሮ በአንድ ሳህን 115 ብር ይበልጣል።

አሁን ያ ሦስተኛው ጥያቄዬ። ሽያጩን ከጾም ቀንና ከፍስክ ቀን ለይተሽ ላኪልኝ። ካሽ ሬጂስተሩ በየቀኑ ያወጣዋል።

ገርጂ_ጓዳ
ለየሁት። በአራት ሳምንት የፍስኩ ቀን 16፣ የጾሙ 8 ነው።

በፍስኩ ቀናት ጥብስ 420፣ ሽሮ 300፣ ክትፎ 200፣ ቦዘና 160፣ በያይነቱ 120። ድምር 1200 ሳህን።
በጾም ቀናት በያይነቱ 420፣ ሽሮ 320። ድምር 740።

ኮስት_ኮንትሮለር
ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተገለበጠው።

ምግብ ተፈላጊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የምንለይበት አንድ የቆየ ዘዴ አለ። የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ካሳቫናና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አምስት ምግብ ካለሽና እኩል ቢሸጡ እያንዳንዱ 20 በመቶ ይደርሰዋል። የዚያን 70 በመቶ ያገኘ ተፈላጊ ነው ይባላል፤ ባንቺ ቤት 14 በመቶ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ በብር የሚተርፈው ከአማካዩ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ተብሎ ይታያል። አራት ክፍል ይወጣል። ተፈላጊም አትራፊም የሆነ፣ ተፈላጊ ሆኖ ትርፉ ትንሽ የሆነ፣ አትራፊ ሆኖ የማይፈለግ፣ ሁለቱም የሌለው።

አራቱን ሳምንት አንድ ላይ ስትደምሪ ከ1940 ሳህን ውስጥ ክትፎ 200 ነው። 10 በመቶ ገደማ። «አይፈለግም» ተባለ። ግን ከ24ቱ ቀን በ8ቱ ክትፎ ጭራሽ አልወጣም! ባልወጣበት ቀን እንዴት ይሸጥ? በፍስኩ ቀን ብቻ ስታዪው ከ1200 ውስጥ 200 ነው፣ ወደ 17 በመቶ። ተፈላጊ ነው። በፍስክ ቀን ከሳህን በአማካይ የሚተርፍሽ 214 ብር ነው። ክትፎ 255 ነው። ስለዚህ ክትፎሽ ተፈላጊም አትራፊም ነው፣ ከጥብሱ ጎን ነው ቦታው።

ይህ ዘዴ የተሠራው በሳምንት ሁለት ቀን ግማሹ ሜኑ በማይጠፋበት አገር ነው። እኛ አገር በጾምና በፍስክ ሳይለዩ መጠቀም ሁልጊዜ የሥጋ ምግብን ያሳጣል።

ሌላ ነገር ልጨምርልሽ። በጾም ቀናት ወጪሽ 33 በመቶ ነው፣ በጣም ያምራል። በፍስክ ቀናት 45 በመቶ ነው፣ ያስፈራል። የተረፈሽን ብር ግን በቀን አካፍዪው። በጾም ቀን 13,790 ብር፣ በፍስክ ቀን 16,060 ብር ገደማ። አስተናጋጁ፣ ኪራዩ፣ መብራቱ በሁለቱም ቀን አንድ ነው።

ኪያር_ኤክሴል
እሺ፣ ስለ ቀኑ ተሳስቻለሁ። አላሰብኩትም ነበር። ግን እንደዚያ ከሆነ ፐርሰንቱ ምን ያደርጋል? ዝም ብለን በብር እንይ፣ ውድ የሆነውን ሁሉ እንሽጥ!

ጋሽ_ምድጃ
ልጆቼ፣ እኔ አዳማ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። «ውድ የሆነውን ሁሉ እንሽጥ» ያለው ልጅ ማክሰኞ ማታ ፍሪጅ ይክፈት። ነገ ረቡዕ ነው። ያ የቀረ አራት ኪሎ ቀይ ሥጋ ሐሙስ ላይ ክትፎ አይሆንም። የሽሮ ዱቄት ግን ከነዕቃው ይቀመጣል፣ ነገም ያው ነው። ክትፎ ላይ በሳህን 345 ብር ነው የተቀመጠው። አንድ ሳህን ከተበላሸ ከአንድ ሳህን ትርፍ በላይ ይዞ ይሄዳል። ፐርሰንቱ ከፍ ያለ ምግብ የሚፈራው ለዚህ ነው።

እኔ ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ነበር የምገዛው፣ ማክሰኞ ደግሞ ከሰኞ ግማሹን። ሐሙስም እንዲሁ ትንሽ፣ ምክንያቱም ዓርብ ተከታትሎ ይመጣል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ክትፎ አለቀ ማለት አያሳፍርም።

ደግሞ ያ አንድ ኪሎ ጅማትና ሞራ አይጣልም። ስጋ ያለበት ክፍሉ ተለቅሞ ለቦዘና ይሆናል፣ ሞራው ይቀልጣል፣ አጥንት ካለ መረቅ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ወጪ ክትፎው ላይ መጫን አግባብ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ኮስት_ኮንትሮለር
ጋሽዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በመጨረሻዋ ላይ አልስማማም። ለቦዘና የሚውለውን በርግጥ መዝኖ ዋጋ ሰጥቶ ከክትፎው ላይ መቀነስ ይቻላል። ግን ብዙ ቤት «ለቦዘና ይሆናል» ተብሎ ተቀንሶ ማታ ለሠራተኛ እራት ነው የሚወጣው። ተቀንሷል፣ ግን አልተሸጠም። እኔ በሚዛን ካልተጻፈ ሁሉንም ክትፎው ላይ እተወዋለሁ።

ጋሽ_ምድጃ
አንተ ሆቴል ቤት ስለሠራህ ነው። ትንሽ ቤት ውስጥ ባለቤቷ ራሷ ከቢላው አጠገብ ናት። እሷ ካየችው በቂ ነው።

ኮስት_ኮንትሮለር
እሺ ጋሽዬ፣ እሱን እሷ ትወስን። የኪያርን ጥያቄ ግን ልመልስ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ፐርሰንት ምግብን ከምግብ ለማወዳደር አይመችም። አንድን ቤት ከራሱ ጋር ለማወዳደር ግን ከእሱ የሚሻል የለም። እህቴ፣ ያንቺ የአራት ሳምንት ሽያጭ ከቫት በፊት 631,600 ብር ነው። በሳህን ባወጣሽው ሂሳብ መሠረት ወጪሽ 264,300 መሆን ነበረበት። ወደ 42 በመቶ። ይህ መሆን የነበረበት ነው። የሆነው ደግሞ የሚታወቀው ከስቶር ነው። ወሩ ሲጀምር ስቶር ውስጥ የነበረው በብር፣ ሲደመር በወሩ የተገዛው፣ ሲቀነስ ወሩ ሲያልቅ የቀረው። ይህ ቆጠራ 48 በመቶ ካወጣ በመካከል ወደ 39,000 ብር ጠፍቷል ማለት ነው። ዋጋ መጨመር ያንን አይመልሰውም።

የት ይጠፋል? መጀመሪያ የምጠረጥረው ጭማሪ እንጀራ ነው። ሽሮሽ ላይ አንድ እንጀራ ነው የቆጠርሽው። ደንበኛ ጭማሪ ሲል ታስከፍያለሽ? ካላስከፈልሽና በአማካይ ለሁለት ሳህን አንድ ጭማሪ ከወጣ፣ በሽሮ ብቻ 310 እንጀራ ነው፣ 7,750 ብር። ሁለተኛ፣ ሼፉ ክትፎውን በሚዛን ነው የሚያወጣው ወይስ በእጁ? በእጅ 200 የተባለው 230 ሆኖ ሲወጣ አይታወቅም። ሦስተኛ የሠራተኛ ምግብ፣ ይብሉ፣ ግን ይጻፍ።

ገርጂ_ጓዳ
ጭማሪ እንጀራ በነጻ ነው። እናቴ «እንጀራ ቆጥሬ አልሰጥም» ትላለች። ሼፉም በእጁ ነው የሚያወጣው። ሚዛን አለን፣ የምንጠቀምበት ሥጋ ስንረከብ ብቻ ነው።

ስለ ዋጋውስ? ክትፎው ላይ ልጨምር?

ኮስት_ኮንትሮለር
ክትፎውን 759 አድርጊው። ከቫት በፊት 660 ነው፣ የሚተርፍሽ 315። አሁን 200 ሳህን በ255 ሲባዛ 51,000 ያመጣልሻል። በ315 ያንኑ 51,000 ለማግኘት 162 ሳህን ይበቃል። ማለት 38 ሳህን ብታጪ እንኳ አልከሰርሽም። ከዚያ በላይ ከቀነሰ ተመለሽ። ከመጨመርሽ በፊት ይህችን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊያት።

በኔ እምነት ግን ትልቁ ገንዘብ ያለው ሽሮው ላይ ነው። ተፈላጊ ነው፣ ትርፉ ግን ትንሽ ነው። 230ውን 253 ብታደርጊው በሳህን 20 ብር ይጨመርልሻል። ሰው ካልቀነሰ በ620 ሳህን 12,400 ብር ነው። ከክትፎው ጭማሪ ይበልጣል።

የቀድሞ_አስተናጋጅ
ሽሮን አትንኩ! የክትፎ ዋጋ ሰው አያስታውስም። የሽሮን ግን ሁሉም በቃሉ ያውቃል። «እዚያ ቤት ሽሮ ስንት ገባ» ብለው ነው ሰው ቤቱን ውድ ወይም ርካሽ የሚሉት። የቢሮ ሠራተኛ በየቀኑ ነው የሚበላው፣ 23 ብሯ በወር ትሰማዋለች። ከዚያ ይልቅ አስተናጋጁ ሲታዘዝ «ተጋቢኖ ይሁን ወይስ ቦዘና?» ብሎ ይጠይቅ። እኛ ቤት ይህን ስንጀምር ብዙ ሰው ቦዘና ይል ነበር። አንድ ሰው ከተጋቢኖ ወደ ቦዘና ቢያልፍ ለቤቱ 46 ብር ነው፣ ሰውየውም ዋጋ ተጨመረብኝ አይልም።

ኮስት_ኮንትሮለር
ስለ ሽሮ የዋጋ ስሜት የምትለው እውነት አለው። እኔ የሠራሁበት ቤት የሆቴል ደንበኛ ነበር፣ የሰፈር አይደለም። አሁንም ቢሆን ሽሮ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ፣ ዘይትና እንጀራ ሲጨምር ዝም ሊባል አይችልም ባይ ነኝ። አንድ ጊዜ 40 ብር ከመጨመር በየጥቂት ወሩ ጥቂት መጨመር ይሻላል።

ከድር_ኮልፌ
እኔ አንድ ያልተነሳ ነገር አለኝ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የማታወጪው ለምንድን ነው? እኛ ሰፈር ብዙው ደንበኛ ሙስሊም ነው፣ ረቡዕም ዓርብም ጥብስ እንሸጣለን። የማክሰኞው ሥጋ አይበላሽብንም።

ገርጂ_ጓዳ
ወንድሜ ከድር፣ አስበንበት እናውቃለን። ኩሽናችን አንድ ነው፣ ምድጃው ሦስት ነው። የጾመኛው ደንበኛ መጥበሻውና ማማሰያው ለብቻ ካልሆነ አይበላም፣ እናቴም አትፈቅድም። ሰፊ ኩሽና ቢኖረን ሌላ ነገር ነበር።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ
ቅድም ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩትም፣ ይቅርታ። አንድ ነገር ግን ከኛ ልምድ፦ ሳህን ስትቆጥሪ ሰውም ቁጠሪ። ሦስት ሰው አንድ ጥብስና አንድ ሽሮ አዝዞ በአንድ ትሪ ቢበላ ሁለት ሳህን ነው፣ ሦስት ወንበር ነው። 275 እና 140 ሲደመር 415፣ ለሦስት ሲካፈል በሰው 138 ብር ነው። ሽሮ ብቻውን ከበላው ሰው ያነሰ! እኛ ይህን ስናይ ነው ለሁለትና ለሦስት ሰው የሚሆን ማኅበራዊ በሜኑ ላይ ያስገባነው።

ገርጂ_ጓዳ
ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ብዙዎቻችሁ ምን ሆነ ብላችኋል።

ክትፎውን 759 አደረግን። በአራት ሳምንት 176 ሳህን ተሸጠ። ከ162 በላይ ነው። 55,440 ብር ተረፈ፣ ከበፊቱ 4,440 ብልጫ አለው። ዋጋው ለምን ጨመረ ያሉ ሁለት ጠረጴዛዎች ብቻ ናቸው።

ትልቁ ለውጥ ግን ዋጋው አይደለም። ሚዛኑን ከስቶር አውጥተን ከመክተፊያው አጠገብ አስቀመጥነው። የመጀመሪያው ቀን ሼፉን «እንደምታወጣው አውጣ» ብዬ ዝም ብዬ መዘንኩ። አሥር ሳህን። ትንሹ 205 ግራም ነበር፣ ትልቁ 260። አሥሩ ሲደመር 2 ኪሎ ከ310 ግራም ሆነ። 310 ግራም ትርፍ ሥጋ በአሥር ሳህን፣ በቀዩ ሥጋ ዋጋ 387 ብር። ለ200 ሳህን 7,750 ብር ነው። ሼፉ ራሱ ሲያይ አላመነም። አሁን እያንዳንዱን ይመዝናል፣ ሰከንዶች ነው የሚፈጅበት።

ሽሮውን አልነካንም፣ እናቴ እምቢ አለች። አስተናጋጆቹ ግን «ተጋቢኖ ወይስ ቦዘና» ማለት ጀምረዋል። በፍስክ ቀን ቦዘና ከ160 ወደ 225 ወጣ፣ ተጋቢኖ ከ300 ወደ 248 ወረደ። ቦዘናው ሲበዛ የለቀምነው ሥጋ አልበቃም፣ ለብቻ መግዛት ጀመርን። ስለዚህ ጋሽ ምድጃ፣ ቅነሳውን እንዴት እንደምጽፈው አሁንም አላወቅኩም።

ጭማሪ እንጀራ ላይ ከእናቴ ጋር ተስማምተናል። የመጀመሪያው ጭማሪ በነጻ፣ ከዚያ በኋላ ይከፈላል። ስቶር ቆጠራውን ገና አንድ ጊዜ ነው የሠራሁት፣ የሚወዳደር የለኝም። በዚህ ወር መጨረሻ ሁለተኛውን እሠራለሁ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሁዳዴ ነው። 55 ቀን ሙሉ በያይነቱና ሽሮ ብቻ። ቀኑ በ13,790 ብር ከሄደ ኪራዩን እንኳ በስጋት ነው። የጾም ሜኑው ላይ ምን ልጨምር?

ጋሽ_ምድጃ
ልጄ፣ ጎበዝ። ስለ ሁዳዴ የኔ ምክር አንድ ነው። ስፔሻል በያይነቱ ጨምሪ። እንጉዳይ ጥብስ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ አዚፋ፣ ቃሪያ ስንግ ያለበት። የተለመደውን በያይነቱ አትንኪው፣ ዋጋውም ይቆይ። ስፔሻሉን ከጎኑ አስቀምጪው። በጾም የሚጋበዝ እንግዳ የሚያዝዘው ነገር ይፈልጋል።

ኮስት_ኮንትሮለር
ከጋሽዬ ጋር ነኝ። ከመጀመርሽ በፊት ግን እንጉዳዩን ጥሬውንም የበሰለውንም መዝኚው። ውኃው ሲወጣ ምን ያህል እንደሚቀንስ ስታዪ ትደነግጫለሽ። ወጪውን እዚህ ጻፊልን፣ ዋጋውን አብረን እናውጣ።

ገርጂ_ጓዳ
እሺ። ቅዳሜ እንጉዳይ አመጣለሁ። መዝኜ እጽፋለሁ።